ክሌሙን ከዘለላችሁ ፓተንቱን አላነበባችሁም፦ ለአንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

«ፓተንትን ኢንጂነር ላልሆነ ሰው ለማስረዳት አጭር መግለጫውንና ሥዕሎቹን ማየት ይበቃል። መጨረሻ ላይ ያሉት ክሌሞች የጠበቆች ቋንቋ ናቸው። ዝለሏቸው።»

ይህ ምክር ያለበትን፣ ፓተንትን ለተራ ሰው ስለማጠቃለል የተጻፈ ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ጸሐፊው ቅን ሰው እንደሆኑ ያስታውቃል። የቴክኒክ ሰነድ በተራ ሰው ቋንቋ መነገር አለበት የሚለው ሐሳባቸው ልክ ነው፤ እኔም ለዓመታት የሠራሁት ይህንኑ ነው። ምክራቸውን የተከተለ ሰው ግን የሚጽፈው ማጠቃለያ ግማሹን ይጎድለዋል። የሚጎድለው ደግሞ አንባቢው ገንዘቡን የሚያፈስበት ወይም ከማፍሰስ የሚታቀብበት ግማሽ ነው። ስለዚህ የራሳቸውን ቃል በጥቅስ እያስቀደምኩ ነጥብ በነጥብ እመልሳለሁ።

ፓተንት ሁለት ሥራ የሚሠራ ሰነድ ነው። አንደኛው ማስተማር ነው፤ ፈጠራው ምን እንደሆነ፣ እንዴት እንደሚሠራ ይናገራል። ይህን የሚሠሩት ረጅሙ መግለጫና ሥዕሎቹ ናቸው። ሁለተኛው ማጠር ነው። «ከዚህ እስከዚህ ያለው የእኔ ነው፤ ሌላ ሰው ያለፈቃዴ አይግባ» ይላል። ይህን የሚሠራው ክሌሙ፣ ማለትም ባለቤቱ የእኔ ነው የሚለውን የሚዘረዝርበት የሰነዱ ክፍል ብቻ ነው። መግለጫው ስለ ቤቱ ያወራል፤ ክሌሙ አጥሩ በየት በኩል እንደሚያልፍ ይናገራል። ሰውየው የጠየቀህ ግድግዳዬን የት ልሥራ ብሎ ከሆነ፣ ስለ ቤቱ ውበት ብትነግረው አልመለስክለትም።

አጭር መግለጫው እንደ አጥር እንዳይነበብ ሕጉ ራሱ በግልጽ ከልክሏል። የዓለም አቀፉ የፓተንት ትብብር ስምምነት አንቀጽ 3 አጭር መግለጫው ለቴክኒክ መረጃ ብቻ እንደሚያገለግል ይናገራል። የጥበቃውን ስፋት ለመተርጎም አይውልም። የአውሮፓ ፓተንት ስምምነትም አንቀጽ 85 ላይ እንዲሁ ይላል። አንቀጽ 69 ደግሞ የጥበቃውን ስፋት የሚወስነው ክሌሙ ነው፣ መግለጫውና ሥዕሎቹ ክሌሙን ለመረዳት ያግዛሉ ይላል። ቅደም ተከተሉን ልብ በሉ። ሥዕሉ ክሌሙን ያግዛል እንጂ አይተካውም።

ይህን የምለው ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም። ሥራውን በጀመርኩበት ሰሞን አንድ ትንሽ አምራች ስለ ውኃ ፓምፕ ፓተንት ጠየቀኝ። አጭር መግለጫውን አነበብኩ፤ «ማጣሪያ ያለው የእጅ ፓምፕ» ይላል። ሥዕሉን አየሁ፤ የእሱን ፓምፕ ይመስላል። «ይህ የተያዘ ነው» ብዬ ጻፍኩለት። ሰውየው ሥራውን አቆመ። ከአራት ወር በኋላ ሌላ ሰው ክሌሙን አነበበለት። ክሌሙ ማጣሪያው በፒስተኑ ውስጥ የተቀመጠ መሆን አለበት ይላል። የእሱ ማጣሪያ መግቢያው ቱቦ ላይ ነበር። አጥሩ በአጠገቡም አላለፈም ነበር። ያን አራት ወር የበላሁት እኔ ነኝ። ዛሬም ሳስታውሰው ይቆጨኛል።

«ለምሳሌ የራይት ወንድማማቾችን ፓተንት እንውሰድ። በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጠቃለላል፦ በሞተር የሚበር አውሮፕላን ፈጠሩ፤ አውሮፕላንም የእነሱ ሆነ።»

ምሳሌው ግሩም ነው። ስለዚህ ከእሱ አልወጣም። ዓረፍተ ነገሩ ግን ከሰነዱ ጋር አይገናኝም።

የአሜሪካ ፓተንት ቁጥር 821,393 ነው። ርዕሱ «የበረራ ማሽን» ይላል። ዊልበርና ኦርቪል ራይት ማመልከቻውን ያስገቡት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መጋቢት 23 ቀን 1903 ነው። በሞተር የበረሩት ደግሞ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ 17 ቀን ነው። ማለትም ማመልከቻው ሲገባ በሞተር ገና አልበረሩም፤ ዘጠኝ ወር ገደማ ይቀራቸው ነበር። በሰነዱ የተሣለው ማሽን በ1902 የሞከሩት ዓይነት ተንሸራታች ነው። ሥዕሉ ላይ ሞተር የለም። ማሽኑን ወደ ፊት የሚገፋው የሞተር ኃይል ወይም የመሬት ስበት ሊሆን እንደሚችል ጽሑፉ በመግቢያው ያነሳል፤ ከዚያ ያልፋል። የፈጠራው ጉዳይ ሞተር አይደለምና።

ታዲያ ምንድን ነው? የፈጠራውን ዓላማ ራሳቸው መጀመሪያ ላይ ጽፈውታል። ማሽኑ ወደ ጎን ሲያዘነብል ሚዛኑን መጠበቅና መመለስ፣ ወደ ላይና ወደ ታች፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ መምራት፣ እንዲሁም ቀላልና ጠንካራ አካል መሥራት ነው። ዋናው የመጀመሪያው ነው።

ይህን ኢንጂነር ላልሆነ ሰው እንዲህ ነው የምነግረው። አየር ላይ ያለ ማሽን አንዱ ጎኑ ዝቅ ቢል ምን ያስተካክለዋል? መሬት ላይ እንዳለ ጋሪ የሚደገፍበት ነገር የለውም። ራይቶች ክንፉን መጠምዘዝን መረጡ። ዝቅ ባለው ጎን የክንፉ ጫፍ ነፋሱን በሰፋ ማዕዘን እንዲገጥም ያደርጋሉ፤ ነፋሱ የበለጠ ወደ ላይ ይገፋዋል። ከፍ ባለው ጎን ማዕዘኑን ያጠባሉ፤ ግፊቱ ይቀንሳል። ማሽኑ ይስተካከላል። አብራሪው በታችኛው ክንፍ ላይ በሆዱ ይተኛል። ወገቡ ያረፈበትን ማቀፊያ ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ሲገፋው ገመዶች ይሳባሉ፤ ክንፉም ይጠመዘዛል።

እዚህ ላይ አንድ ጣጣ አለ። ነፋሱን በሰፋ ማዕዘን የሚገጥመው ጎን ወደ ላይ የበለጠ ይገፋል፤ ግን አየሩም የበለጠ ይይዘዋል። ስለዚህ ወደ ኋላ ይቀራል። ሌላው ጎን ይቀድመዋል። ማሽኑ ሊስተካከል ሲል አፍንጫው ወደማይፈለግበት ይዞራል፤ አልፎ ተርፎም ሊሽከረከር ይችላል። ራይቶች ይህን በተንሸራታቻቸው ላይ በራሳቸው አካል ነው የተማሩት። መፍትሔያቸው ከኋላ የሚንቀሳቀስ ቀጥ ያለ መሪ ማድረግና ክንፉን ከሚጠመዝዘው ገመድ ጋር ማያያዝ ነበር። ክንፉ ሲጠመዘዝ መሪውም አብሮ ይዞራል። ፈጥኖ የሚሄደውን ጎን ይይዘዋል።

ፈጠራው የሚሠራው ይህንን ነው። ጸሐፊው በአንድ ዓረፍተ ነገር ካስፈለጋቸው እንዲህ ማለት ይቻል ነበር፦ «የሚበር ማሽን ወደ ጎን ሲያዘነብል፣ የክንፉን ጫፎች በተለያየ ማዕዘን በማንቀሳቀስ ሚዛኑን የሚመልስ ዘዴ።» ስለ ሞተር አንድ ቃል የለበትም።

አሁን ወደ አጥሩ እንሂድ። በነገራችን ላይ ይህ ሰነድ «አጭር መግለጫ» የሚባል ክፍል ጨርሶ የለውም። በዚያ ዘመን አይጻፍም ነበር። ክሌሙን ዝለሉ የተባለ ሰው እዚህ ሰነድ ላይ ሲደርስ በእጁ የሚቀሩት ሥዕሎቹና ረጅሙ መግለጫ ብቻ ናቸው።

ክሌሞቹ 18 ናቸው። የመጀመሪያውን ወደ አማርኛ ስመልሰው፣ ዓረፍተ ነገሩን ሳልቆርጥ፣ እንዲህ ይሆናል፦ «በበረራ ማሽን ውስጥ፣ በተለመደው ሁኔታ ጠፍጣፋ የሆነ ክንፍ፣ የግራና የቀኝ ጠርዝ ክፍሎቹ ከክንፉ አካል የተለመደ ጠለል በላይ ወይም በታች ወደ ተለያየ ቦታ መንቀሳቀስ የሚችሉ፣ እንቅስቃሴውም የበረራውን መሥመር በሚያቋርጥ ዘንግ ዙሪያ የሆነ፣ በዚህም ጠርዞቹ ከክንፉ አካል የተለመደ ጠለል አንጻር ወደ ተለያየ ማዕዘን እንዲንቀሳቀሱና ለአየሩ የተለያየ ማዕዘን እንዲሰጡ የሚያደርግ፣ እንዲሁም እነዚህን ጠርዞች እንዲህ የሚያንቀሳቅስ ዘዴ፣ በመሠረቱ እንደተገለጸው።»

አንድ ትንፋሽ ነው። ክሌም አንድ ዓረፍተ ነገር ነው የሚሆነው፤ ልማዱ እንዲያ ነው። ሰው የሚደናገጠውም በዚህ ነው። ግን ነጠላ ሰረዙን ተከትሎ ቢቆርጡት ይቀላል። እኔ ወረቀት ላይ እያንዳንዱን ቁራጭ በራሱ መሥመር እጽፈዋለሁ። የበረራ ማሽን መሆን አለበት። ጠፍጣፋ ክንፍ ይኑረው። የክንፉ ጠርዞች ወደ ላይና ወደ ታች ይንቀሳቀሱ። በዚያ ዓይነት ዘንግ ዙሪያ ይሁን። ማዕዘናቸው ይለያይ። የሚያንቀሳቅሳቸውም ነገር ይኑር። ስድስት ቁራጭ ነው።

ደንቡ አንድ ነው። አንድ ማሽን አጥሩ ውስጥ ገባ የሚባለው ስድስቱም ቁራጮች ሲኖሩት ነው። አንዱ ከጎደለ ውጭ ነው። ተጨማሪ ነገር ቢኖረው ግን አያስወጣውም።

እንሞክረው። ሞተር የሌለው፣ ክንፉ የሚጠመዘዝ ተንሸራታች ብንሠራስ? ስድስቱም አሉ። ውስጥ ነው። ሞተር ያለው፣ በደንብ የሚበር፣ ግን ክንፉ ድርቅ ያለና በኋላ መሪ ብቻ የሚመራ ማሽንስ? የሚንቀሳቀስ ጠርዝ የለውም። ከክሌም 1 ውጭ ነው። አያችሁ? በጸሐፊው ማጠቃለያ ብንሄድ መልሱ ይገለበጣል። የመጀመሪያው ሞተር ስለሌለው ነፃ ነው እንላለን፤ ሁለተኛው ባለሞተር አውሮፕላን ስለሆነ ተከልክሏል እንላለን። ሁለቱም ስህተት ነው። ጎበዝ አንባቢ እንኳ ከዚያ ዓረፍተ ነገር ተነስቶ ትክክለኛው መልስ ላይ ሊደርስ አይችልም።

«ከባድ ቃል ስታገኙ በምታውቁት ቀላል ቃል ተኩት። ፓተንት ውስጥም ውሻ ውሻ ነው፣ አውሮፕላን አውሮፕላን ነው።»

በዚህ ሰነድ ውስጥ አውሮፕላን አውሮፕላን አይደለም። ይህን ሳነብ ወረቀቱን አስቀምጬ ተነሳሁ፤ ምክንያቱም ሰነዱ ራሱ ተቃራኒውን በግልጽ ጽፎታል።

የእንግሊዝኛው ክሌም «ኤሮፕሌን» ይላል። መግለጫው ይህን ቃል ምን ለማለት እንደተጠቀመበት ይተነትናል። ማሽኑን አየር ላይ የሚይዘውን ጠፍጣፋ ገጽ ማለት ነው። እኛ ክንፍ የምንለውን። በጨርቅ ከተሠራ በነፋሱ ግፊት ትንሽ ሊጎብጥ እንደሚችልም ይጨምራል። ሙሉው ማሽን በሰነዱ ውስጥ ስሙ «የበረራ ማሽን» ነው።

ቃሉን በምናውቀው ከተካነው ክሌም 1 «ጠፍጣፋ አውሮፕላን» ይሆንብናል። እንዲህ ብሎ የተረጎመ ማጠቃለያ በዓይኔ አይቻለሁ። አንባቢው ጠፍጣፋ አውሮፕላን ምን እንደሚመስል ሲያስብ ይውላል። ክሌም 2 ደግሞ «አንዱ ከሌላው በላይ የተቀመጡ ሁለት አውሮፕላኖች» ይሆናል። ትርጉሙ የሚገባው ክንፍ ሲባል ብቻ ነው፦ አንዱ ከሌላው በላይ የተቀመጡ ሁለት ክንፎች።

ፓተንት ጸሐፊ ለቃላቱ የራሱን ትርጉም መስጠት ይችላል። ስለዚህ ከክሌሙ አንድ ዋና ቃል ስወስድ መጀመሪያ መግለጫው ውስጥ እፈልገዋለሁ። «በዚህ ቃል ስንል» የሚል ዓረፍተ ነገር ካለ፣ ማጠቃለያዬ ውስጥ የሚገባው ያ ትርጉም ነው። ከሌለ ቃሉን በዚያ ሙያ ያሉ ሰዎች የሚረዱትን ትርጉም እወስዳለሁ። ቀላል ቃል የምመርጠው ከዚያ በኋላ ነው። እዚህ ላይ «ክንፍ» ቀላልም ትክክልም ነው። ሁልጊዜ እንዲህ አይቀናም።

በተለይ ልትነኩት የማይገባ አንድ ቃል አለ፤ «የያዘ» የሚለው። በዛሬ ፓተንቶች ክሌም አብዛኛውን ጊዜ «የሚከተሉትን የያዘ» ይላል። አንዳንዴ ደግሞ «ከሚከተሉት ብቻ የተሠራ» ይላል። ለጆሮ ይመሳሰላሉ። ወንበር እናስብ። «መቀመጫና እግሮች የያዘ ወንበር» ቢል፣ መደገፊያ የጨመረ ሰውም ውስጥ ነው። «ከመቀመጫና ከእግሮች ብቻ የተሠራ» ቢል፣ መደገፊያ የጨመረው ውጭ ነው። ለማሳጠር ብሎ «ብቻ»ን የጣለ ሰው አጥሩን ነቅሎ ሌላ ቦታ ተክሎታል።

«ክሌሙን የግድ ማየት ካለባችሁ ረጅሙን ተመልከቱ። ረጅም ክሌም ሰፊ ጥበቃ ነው።»

ተቃራኒው ነው። የክሌም እያንዳንዱ ተጨማሪ ቃል ተጨማሪ መስፈርት ነው። መስፈርት በበዛ ቁጥር የሚያሟላው ይቀንሳል። «ፈረስ» ብትል ሁሉም ፈረስ ይገባል። «ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት፣ ሦስት ዓመት የሞላው ፈረስ» ብትል ጥቂቱ ብቻ ይገባል።

ራይቶችን እንመልከት። ክሌም 2 ከክሌም 1 ይረዝማል። ክንፎቹ ሁለት እንዲሆኑና አንዱ ከሌላው በላይ እንዲቀመጥ ይፈልጋል። በጠርዛቸው የሚያገናኟቸው ቋሚዎች እንዲኖሩ ይፈልጋል። ቋሚዎቹ በክንፎቹ የጎን ክፍሎች ላይ በሚተጣጠፍ መገጣጠሚያ እንዲያያዙም ይፈልጋል። አንድ ክንፍ ብቻ ያለው፣ ጫፎቹ ግን የሚጠመዘዙ ማሽን ከክሌም 2 ውጭ ነው። በክሌም 1 ግን ይያዛል፤ ክሌም 1 ስለ ክንፍ ብዛት ምንም አይልምና።

ክሌም 7 ደግሞ የኋላ መሪውን ይጨምራል። ክንፉ ሲጠመዘዝ መሪው ነፋሱን የሚገጥመው፣ ማዕዘኑ ወደ ጠበበውና የአየር ተቃውሞው ወደ ቀነሰው የክንፍ ጎን በሚቀርበው ፊቱ መሆን አለበት። ከላይ የነገርኳችሁ የጣጣው መፍትሔ እዚህ ጋ በሕግ ቋንቋ ተቀምጧል። መሪ የሌለው ማሽን በክሌም 7 አይያዝም።

ታዲያ ጠባቡ ለምን ተጻፈ? ሰፊው ቢፈርስ ጠባቡ እንዲተርፍ ነው። ሰፊ አጥር ቀድሞ የነበረን ነገር የማቀፍ አደጋ አለበት፤ ያ ከተረጋገጠ ክሌሙ ይወድቃል። ጠባቡ በራሱ ይቆማል። ለዚህ ነው ሰነዶች ብዙ ክሌም የሚኖራቸው። በዛሬዎቹ ፓተንቶች ጠባቦቹ «በክሌም 1 መሠረት የሆነ» ብለው ስለሚጀምሩ በቀላሉ ይለያሉ። ማጠቃለያ ስጽፍ ያን ሐረግ የሌላቸውን፣ በራሳቸው የቆሙትን፣ በሙሉ እተነትናለሁ። ሌሎቹን አንዳንድ መሥመር ሰጥቼ አልፋለሁ። በራይቶች ሰነድ ውስጥ ግን ሁሉም ራሱን ችሎ ነው የተጻፈው፤ ስለዚህ 18ቱንም ማየት ግድ ይላል።

«ሥዕሉ ላይ የሌለ ነገር ፓተንቱ ውስጥ የለም። ይህን ካወቃችሁ ማንም አያታልላችሁም።»

በጣም የምፈራው ምክር ይህ ነው። አንባቢን በሐሰት ያረጋጋል።

ሥዕሉ ምሳሌ ነው። ፈጣሪው ማሽኑን ከሚሠራባቸው መንገዶች አንዱን ያሳያል። ራይቶች የሣሉት የሚጠመዘዝ የጨርቅ ክንፍ ነው። ግን መግለጫው ውስጥ አንድ ወሳኝ ዓረፍተ ነገር አስቀመጡ። ፈጠራችን በዚህ አሠራር አይወሰንም፤ የክንፎቹ የጎን ጠርዞች ማዕዘን በተቃራኒ አቅጣጫ እንዲለዋወጥ የሚያደርግ ማንኛውም አሠራር በፈጠራችን ወሰን ውስጥ ይገባል አሉ። ራሳቸው ያዘጋጁት የመጀመሪያ ማመልከቻ ተቀባይነት አላገኘም ነበር። በ1904 ሃሪ ቱልሚን የተባለ የፓተንት ጠበቃ ቀጠሩ። ሰነዱ ግንቦት 22 ቀን 1906 ጸድቆ ሲወጣ አጥሩ ከሥዕሉ በላይ ሰፊ ሆኖ ነው።

ከዚያ ግሌን ከርቲስ የተባለ አሜሪካዊ አውሮፕላን ሠሪ መጣ። የእሱ ማሽኖች ክንፋቸው አይጠመዘዝም። ለብቻቸው የሚንቀሳቀሱ ትንንሽ ገጾች ነበሯቸው፤ ዛሬ ኤይለሮን የምንላቸው። ሥዕሉን ብቻ ያየ ሰው «ይህ ሌላ ነገር ነው፤ ራይቶች የሣሉት ጥምዝ ክንፍ ነው» ይላል። ራይቶች ሲከሱት የከርቲስ ወገንም ይህንን ተከራከረ። የእኛ ገጾች የክንፉ ጠርዝ አይደሉም፤ መሪውንም እንደ ራይቶች አንጠቀምበትም አለ።

ፍርድ ቤቱ በ1913 ለራይቶች ፈረደ። ይግባኝ ሰሚውም በጥር 1914 አጸናው። ውሳኔው አከራካሪ ነበር፤ ዛሬም አውሮፕላን የሚወዱ ሰዎች ሲያነሱት ይሞቃቸዋል። እኔ ግን የማነሳው ፍርዱን ለመመዘን አይደለም። በ1908 አንድ ባለሀብት «ኤይለሮን ያለው ማሽን ብሠራ እነዚህ ሰዎች ይነኩኛል?» ብሎ ቢጠይቅ ኖሮ፣ ሥዕሉን ብቻ ያየ ማጠቃለያ ጸሐፊ «አይነኩህም» ይለው ነበር። ክሌሙንና ያችን የመግለጫ ዓረፍተ ነገር ያነበበ ግን «አደጋ አለው፤ ክርክሩ ያለው ‘የጎን ጠርዝ ክፍል’ በሚለው ሐረግ ላይ ነው» ይለዋል። ሁለተኛው መልስ እርግጠኛ አይመስልም። ለሰውየው የሚጠቅመው ግን እሱ ነው። ጠበቃ ዘንድ ሲሄድ የትኛውን ሐረግ እንደሚያሳይ አውቆ ይሄዳል።

ስለዚህ በማጠቃለያዬ ውስጥ ሁልጊዜ አንድ አንቀጽ ለአወዛጋቢ ሐረግ እተዋለሁ። ብዙ አይደለም፤ አንድ ወይም ሁለት ሐረግ። ነገሩ የሚያከራክር ከሆነ እንደሚያከራክር እጽፋለሁ። ግልጽ ያልሆነን ነገር ግልጽ አስመስሎ መጻፍ ማቅለል አይደለም።

«ባጭሩ ፓተንት ማለት ፈጠራውን የመሥራትና የመሸጥ ፈቃድ ነው።»

ይህ በብዙ ሰው አፍ ያለ ስህተት ስለሆነ ጸሐፊውን ብቻ አልወቅስም። ፓተንት የመሥራት ፈቃድ አይሰጥም። ሌላውን የመከልከል መብት ነው የሚሰጠው።

ልዩነቱን ከርቲስ ራሱ ያሳየናል። እሱና የአሌክሳንደር ግራሃም ቤል ቡድን በ1911 በኤይለሮን ላይ የራሳቸውን ፓተንት አግኝተዋል። የፓተንት ወረቀት በእጁ ነው። ያ ግን በ1914 አላዳነውም። የእሱ ማሽን የራሱ ፈጠራ አለበት፤ በዚያው ጊዜ የራይቶችን አጥርም ይረግጣል። ሁለቱ አብረው ሊሆኑ ይችላሉ። በ1917 አሜሪካ ወደ ጦርነቱ ስትገባ የአውሮፕላን አምራቾች ፓተንቶቻቸውን የሚጋሩበት ማኅበር ያቋቋሙት፣ እርስ በርስ ተጠላልፈው ምርቱ ስለተቸገረ ነው።

ስለዚህ ማጠቃለያ «ኩባንያው ይህን ለመሥራት ፓተንት አለው» ማለት የለበትም። «ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ሌላ ሰው ይህንን ይህንን ሊሠራ አይችልም» ይበል። የት አገር፣ እስከ መቼ የሚለውም አብሮ ይጻፍ። ፓተንት በወጣበት አገር ብቻ ነው የሚሠራው። የአሜሪካ ፓተንት ያኔ ከጸደቀበት ቀን 17 ዓመት ነበር የሚቆየው። የራይቶቹ በ1923 አበቃ። ዛሬ ክንፍ የሚጠመዘዝበት ማሽን መሥራት የሚፈልግ ሰው ይህን ሰነድ ሊፈራው አይገባም።

አሁን እኔ ብሆን ለዚያ የ1908 ባለሀብት የምጽፍለትን ላስቀምጥ። ጸሐፊው አንድ ዓረፍተ ነገር ሰጥተዋል፤ የእኔ ትንሽ ይረዝማል።

«የአሜሪካ ፓተንት 821,393። በ1903 ገባ፣ በ1906 ጸደቀ፣ አሜሪካ ውስጥ እስከ 1923 ይጸናል። ፈጠራው የበረራ ማሽን ወደ ጎን ሲያዘነብል ሚዛኑን ይመልሳል። ይህን የሚያደርገው የክንፉን የግራና የቀኝ ጫፎች በተለያየ ማዕዘን ነፋሱን እንዲገጥሙ በማንቀሳቀስ ነው። አብሮም የኋላ መሪ ማሽኑ እንዳይዞር ይይዘዋል። ሰፊው ክሌም የሚጠይቀው የበረራ ማሽን፣ ጫፎቹ በዚያ መንገድ የሚንቀሳቀሱ ክንፍና የሚያንቀሳቅሳቸው ዘዴ ብቻ ነው። ሞተር አይጠይቅም፤ መሪ አይጠይቅም፤ የክንፍ ብዛት አይወስንም። ሌሎቹ ክሌሞች ስለ ሁለት ክንፍ፣ ስለ ኋላ መሪ፣ ስለ ፊት መሪና ስለ አካሉ አሠራር የየራሳቸው መስፈርት አላቸው። ክንፋቸው ድርቅ ያለና የሚንቀሳቀስ የጎን ክፍል የሌላቸው ማሽኖች ከሰፊው ክሌም ውጭ ናቸው። ያንተ ማሽን ለብቻው የሚንቀሳቀስ ገጽ አለው። ይህ ‘የክንፉ የጎን ጠርዝ ክፍል’ ይባላል ወይስ አይባልም የሚለው ያከራክራል። መግለጫው ወሰኑን ሰፋ አድርጎ ስለጻፈው ከመሥራትህ በፊት ጠበቃ አማክር።»

አንድ ተራ ሰው ይህን በሁለት ደቂቃ ያነባል። ክንፍ፣ ጫፍ፣ ነፋስ፣ መሪ የሚሉት ሁሉ የሚያውቃቸው ቃላት ናቸው። ክሌሙ ግን ውስጡ አለ።

አንድ ነገር ሆን ብዬ አልጨመርኩበትም። ክሌሙ በእርግጥ የጸና ነው ወይ የሚለውን። እንግሊዝ ውስጥ ማቲው ቦልተን የተባለ ሰው በ1868 ባወጣው ፓተንት ለጎን ሚዛን የሚያገለግሉ ተንቀሳቃሽ ገጾችን ገልጾ ነበር። ይህን የመሰለ ቀዳሚ ሰነድ አንድን ክሌም ሊጥል ይችላል ወይ የሚለው ራሱን የቻለ ምርመራ ነው። የሚሠራውም ሁለቱን ሰነዶች ጎን ለጎን አድርጎ፣ ስድስቱን ቁራጮች አንድ በአንድ በቀዳሚው ሰነድ ውስጥ በመፈለግ ነው። ከፓተንቱ ብቻ ተነስቶ የሚጻፍ ማጠቃለያ ይህን ሊመልስ አይችልም፤ እንደመለሰ መምሰልም የለበትም። ሰውየው ከጠየቀኝ፣ ያ ሌላ ሥራ እንደሆነ ነግሬው፣ ስድስቱን ቁራጮች የጻፍኩበትን ወረቀት እሰጠዋለሁ።